ልምምዱ ጀርመን፣ ትምህርቱ አሜሪካ፦ የመመለሻው በር

ጥያቄ፦ «ሰላም። አሜሪካ ውስጥ በኤፍ-1 ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቴን በሜይ እጨርሳለሁ። ለክረምቱ ጀርመን አገር የሚከፈልበት የ12 ሳምንት ኢንተርንሺፕ አግኝቻለሁ። ከጁን 1 እስከ ኦገስት 21 ነው። ኩባንያው ‹የሥራ ፈቃዱን እኛ እንጨርሳለን፤ ግን በሜይ ሁለት ሳምንት ካለሽበት ሆነሽ በኦንላይን ጀምሪ› ብሎኛል። የዩኒቨርሲቲው አማካሪ ሲፒቲ አያስፈልግሽም አለችኝ። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የአሜሪካ ቪዛ ደግሞ ባለፈው ኦክቶበር አልቋል። ትምህርት ኦገስት 24 ይጀምራል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ናት። ጀርመን ተቀምጠሽ ለምትሠሪው ሥራ የአሜሪካ ፈቃድ አያስፈልግሽም። ሲፒቲ የሚባለው ፈቃድ የኤፍ-1 ተማሪ በአሜሪካ ምድር ላይ ሆኖ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ሥራ እንዲሠራ የሚሰጥ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለውን ሥራ አይመለከተውም።

ነገር ግን ያ መልስ የሚሠራው ከጁን 1 ጀምሮ ላለው ጊዜ ነው። ለሜይ ሁለቱ ሳምንታት አይሠራም። አማካሪሽ ስለ እነሱ የሰማች አይመስለኝም።

በዚህ ጉዳይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሥራው የማን ነው፣ ደመወዙ ከየት ይመጣል ብሎ ያስባል። ላፕቶፑ የጀርመን ኩባንያ ነው፤ ክፍያው በዩሮ ነው፤ አለቃዬም እዚያ ነው፤ ታዲያ አሜሪካን ምን አገባት? ይላል። የውጭ ተማሪዎች ቢሮዎች ግን የሚያዩት ሥራውን ስትሠሪ አንቺ የት እንደተቀመጥሽ ነው። ዶርምሽ ውስጥ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ለጀርመኑ ኩባንያ ስዕል ከሠራሽ፣ አሜሪካ ውስጥ እየሠራሽ ነው ተብሎ ይያዛል። ያለ ፈቃድ ከሆነ ደግሞ ስታተስ መጣስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን በሚከታተልበት ሴቪስ በተባለው ሥርዓት ያለው መዝገብሽ በዚህ ምክንያት ከተዘጋ የዕፎይታ ቀን የሚባል ነገር የለም። ለሁለት ሳምንት ደመወዝ ተብሎ የሚገባበት አደጋ አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ኢንተርንሺፑ በትምህርት ክፍልሽ እንደ ኮርስ የሚቆጠር ከሆነ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሲፒቲ መጠየቅ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው በስም ለተጠቀሰ አሠሪ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው። ዩኒቨርሲቲው በሚሰጥሽ የተማሪነት ሰነድ፣ በአይ-20 ወረቀትሽ፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ ታትሞ እጅሽ ሳይገባ አንድ ሰዓት እንኳ መሥራት አይቻልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰዓት ሲፒቲ መውሰድ ከምርቃት በኋላ የምትሠሪበትን ኦፒቲ የተባለ ፈቃድ አይነካብሽም፤ ኦፒቲን የሚያሳጣው 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ የሙሉ ሰዓት ሲፒቲ ነው። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ቀላል ነው፦ ለኩባንያው «ከጁን 1 በፊት መጀመር አልችልም» ብለሽ መጻፍ። ውል መፈረምና ፎርም መሙላት ሥራ አይደለም። በኩባንያው አካውንት ገብቶ የሚከፈልበት ሥልጠና መውሰድ ግን ሥራ ነው። በሴፕቴምበር ተመልሰሽ ክፍል ውስጥ ሳለሽ «ያቺን ሪፖርት ጨርሺልን» ቢሉሽም ያው ነው። ሪፖርቷን ከመመለስሽ በፊት ጨርሻት ነይ።

አሁን ወደ ጀርመኑ እንሂድ። «የሥራ ፈቃዱን እኛ እንጨርሳለን» ሲሉ ግማሹን ነው የሚሉሽ። ኩባንያው የሚጨርሰው በጀርመን ፌዴራል የሥራ ኤጀንሲ ሥር ካለው፣ በአጭሩ ዜድ-ኤ-ቪ ከሚባለው ክፍል የሚወጣውን የስምምነት ወረቀት ነው። ከጀርመን ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ አራት ሴሚስተር የጨረሰ፣ ልምምዱም ከትምህርት መስኩ ጋር የሚገናኝ ተማሪ በዚህ መንገድ ይስተናገዳል። አንቺ ስድስተኛ ሴሚስተርሽን ልትጨርሺ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለብሽም። ሜካኒካል ተምረሽ የኩባንያው የሽያጭ ክፍል ከሆነ የመደቡሽ ግን ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ የልምምድ ዕቅዱን አስቀድመሽ አንብቢው። ምን እንደምትሠሪ፣ ማን እንደሚከታተልሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ወረቀቱ ሲወጣ ኩባንያው ይልክልሻል። ቪዛውን የምታወጪው ግን ራስሽ ነሽ። የምታመለክቺውም በሕጋዊ መንገድ በምትኖሪበት አገር፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የምትኖሪበትን ግዛት በሚያስተናግደው የጀርመን ቆንስላ ነው። «ለእረፍት አዲስ አበባ ስገባ እጨርሰዋለሁ» እንዳትይ። እዚያ ሄደሽ «የምትኖሪው አሜሪካ ነው፤ እዚያ አመልክቺ» ልትባዪ ትችያለሽ።

12 ሳምንት 84 ቀን ነው። እስከ 90 ቀን ያለው የሸንገን አጭር ቪዛ ነው፤ ከ90 ቀን ካለፈ ብሔራዊ ቪዛ የሚባለው ሌላ መንገድ ነው። አንቺ በአጭሩ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ግን ትርፍሽ ስድስት ቀን ብቻ ነው። የሚቆጠረው የሥራ ቀን ሳይሆን ሸንገን ውስጥ ያደርሽበት ቀን ሁሉ ነው። የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል። ሜይ 30 ገብተሽ ቤት ብትፈልጊ፣ ዘጠናኛው ቀን ኦገስት 27 ላይ ይውላል። ልምምዱ ሲያልቅ ጣልያን ያለችውን አክስትሽን አንድ ሳምንት ልጠይቅ ብትዪ ትርፉን በላሽው ማለት ነው፤ ጣልያንም ያው ሸንገን ናትና።

ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ይፈልጋሉ። ፓስፖርትሽ ከሸንገን ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ መሆን አለበት። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው በአብዛኛው ስድስት ወር ይጠይቃሉ። ፓስፖርት ማሳደስ ካለብሽ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ የኛ ፓስፖርት ጊዜ እንደሚወስድ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ቀጠሮው ላይ የምትጠየቂው ዋናው ነገር «ከጀርመን ወጥተሽ የት ትገቢያለሽ?» የሚለው ነው። ብዙ ቆንስላዎች አሜሪካ ከሚኖር የሌላ አገር ዜጋ ያላለቀ የአሜሪካ ቪዛ ማየት ይፈልጋሉ። ያንቺ አልቋል። የምታሳዪው እንግዲህ አይ-20ሽን፣ ከዩኒቨርሲቲው የተመዝጋቢነት ደብዳቤና የጉዞ ዕቅድሽን ነው። በዕቅዱ ላይ አዲስ አበባ ሄደሽ ቪዛ እንደምታድሺ በግልጽ ጻፊው። ቀጠሮ ይዘሽ ከሆነ የቀጠሮውን ማረጋገጫ አያይዢ። አትደብቂው፤ ፓስፖርቱን ሲገልጡት የሚያዩት ነው።

ይህ ነው ወደ ትልቁ ጉዳይ የሚያመጣን። አሁን አሜሪካ ውስጥ ያለ ቪዛ ተቀምጠሻል፤ ጥፋትም የለብሽም። ቪዛ በር ላይ የሚታይ ትኬት ነው። ከገባሽ በኋላ የሚያኖርሽ ስታተስሽ ነው፦ በሙሉ ሰዓት መማርሽ፣ አይ-20ሽ አለማለቁ፣ ሴቪስ ላይ አክቲቭ መሆንሽ። ትኬቱ ኦክቶበር ላይ ቢያልቅም አንቺን የሚያስወጣሽ የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከበሩ ከወጣሽ በኋላ ነው። ለመመለስ አዲስ ትኬት ያስፈልግሻል።

ይህ ትኬት ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ተለውጧል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ዜጎች የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ድሮ ቪዛ አንዴ ካገኘሽ ክረምት ወጥተሽ መመለስ ትችዪ ነበር። አሁን በወጣሽ ቁጥር አዲስ ነው። ሌላም አለ። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አመልካቾች በዜግነታቸው ወይም በሚኖሩበት አገር እንዲያመለክቱ አዟል። በዚያው ሰሞን ያለ ቃለ መጠይቅ ቪዛ የሚታደስበት አሠራርም ለአብዛኛው አመልካች ቀርቷል። አንቺ ጀርመን ለልምምድ የሄድሽ እንጂ የጀርመን ነዋሪ አይደለሽም። ስለዚህ «ፍራንክፈርት ቆንስላ ጎራ ብዬ አድሳለሁ» የሚለውን እርሺው። አዲስ አበባ መግባትሽ አይቀርም፤ ቃለ መጠይቅም አይቀርልሽም። ቀሪው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው።

ቀኖቹን እናስቀምጣቸው። ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ቤተሰብ ጋ ደውለሽ ስትነግሪያቸው ተጠንቀቂ፤ «ጁን 1» ሲባል «ሰኔ 1» ብለው የሚይዙ አሉ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የአንድ ሳምንት ልዩነት አለ።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው መጨረሻ ላይ መሄድን ነው። ልምምዱን እስከ ኦገስት 21 ጨርሰሽ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ። ትምህርት ኦገስት 24 ይጀምራል። በመሃል ያለው ቅዳሜና እሁድ ነው። ኤምባሲ በቅዳሜና እሁድ ቪዛ አይሰጥም። ቃለ መጠይቁ ጥሩ ሆኖ እንኳ ፓስፖርቱ እስኪመለስ ቀናት ያልፋሉ። «ተጨማሪ ማጣራት» ተብሎ ወረቀት ከሰጡሽ ደግሞ ሳምንታት ሊሆን ይችላል፤ ኢንጂነሪንግ ለሚማር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሴሚስተሩ ያመልጥሻል። ይህን መንገድ ተይው።

ሁለተኛው መንገድ መጀመሪያ ላይ መሄድ ነው። ፈተና ሜይ 8 ያልቃል እንበል። ሜይ 11 ትበሪያለሽ፤ ሜይ 18 ቃለ መጠይቅ፤ ቪዛው ሜይ 20 ታተመ። ፓስፖርትሽ ተመለሰ፤ ሜይ 30 ጀርመን ገባሽ። ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ሦስቱ ወር የሚቆጠረው ቪዛው ከታተመበት ቀን ነው፤ አሜሪካ ከምትገቢበት ቀን አይደለም። ሜይ 20 የታተመ ቪዛ ኦገስት 19 አካባቢ ይሞታል። ልምምድሽ የሚያልቀው ኦገስት 21 ነው። አየሽው? ሁለት ቀን አለፈሽ። ሁሉን ነገር በትክክል አድርገሽ፣ ቪዛም አግኝተሽ፣ ጀርመን ተቀምጠሽ ቪዛሽ ይሞትብሻል።

ይህን የሚያድነው ልምምዱን ማሳጠር ነው። 12 ሳምንቱን 10 አድርጉልኝ በያቸው። ከጁን 1 አሥር ሳምንት ኦገስት 7 ያልቃል። ቪዛው እስኪሞት 12 ቀን ገደማ አለሽ። ኦገስት 9 ወይም 10 ብትበሪ፣ በረራ ቢሰረዝ፣ ብትታመሚ፣ ትርፍ ቀን ይኖርሻል። በሸንገኑ 90 ቀንም አትጨናነቂም። አብዛኛው ኩባንያ ሁለት ሳምንት ስለቀነሰበት አይጣላሽም። ደግሞም የኦንላይኑን ሁለት ሳምንት ጨምረው ሲያስቡ ስለነበር፣ በአንድ ደብዳቤ ሁለቱንም ንገሪያቸውና ውሉም ለዜድ-ኤ-ቪ የሚልኩትም ወረቀት በአዲሱ ቀን ይሠራ። የውሉ ቀንና የፈቃዱ ቀን ከተለያዩ ቆንስላው ይይዝብሻል።

መጀመሪያ ላይ መሄድን የምመርጥበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ከቀኑ ሒሳብ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቪዛ ሊከለከል ይችላል። በሜይ ከተከለከልሽ እስከ ኦገስት ድረስ ጊዜ አለሽ፦ የጎደለውን ሰነድ አሟልተሽ እንደገና ታመለክቻለሽ። በኦገስት መጨረሻ ከተከለከልሽ ግን ሴሚስተሩ ሳትመለሺ ይጀምራል።

ሦስተኛ ሐሳብ የሚያመጡም አሉ። ጁላይ ላይ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ከጀርመን አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ። በወረቀት ላይ ጎበዝ ነው፤ ጁላይ 10 የታተመ ቪዛ እስከ ኦክቶበር ይሄዳል። ለዚህ የሸንገን ቪዛሽ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። ችግሩ ፓስፖርትሽ ኤምባሲው ውስጥ ከቀረ አንቺም እዚያው መቅረትሽ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ሄዶ፣ «ነገ ዛሬ ይመለሳል» እያለ የልምምዱን ግማሽ ቦሌ ካፌ ውስጥ ጨረሰው። በየቀኑ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቶ የማመልከቻውን ስታተስ ያያል፤ ያው ቃል ነው። አለቃው መጀመሪያ አዘነለት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢሜይሉን መመለስ አቆመ።

ለአዲስ አበባው ቀጠሮ የሚያስፈልግሽ ረጅም አይደለም። ዲኤስ-160 ፎርሙን ትሞያለሽ፤ የማመልከቻ ክፍያው 185 ዶላር ነው። የሴቪስ ክፍያ ድጋሚ አትከፍዪም፤ መዝገብሽ ያው የድሮው እስከሆነ ድረስ የመጀመሪያው ደረሰኝ ይሠራል። ቀጠሮውን ገና አሜሪካ ሳለሽ ያዢ። ትኬት ከመግዛትሽ በፊት ያዢ። በሜይ ክፍት ቀን ከሌለ ይህ ዕቅድ በሙሉ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ ትኬት አለመግዛትሽ ነው የሚያተርፍሽ።

ቃለ መጠይቁ ላይ የሚያዩት ትምህርትሽ እየሄደ መሆኑን ነው። የሦስት ዓመት ትራንስክሪፕት፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር መመዝገብሽ፣ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን። የጀርመኑን ውልም ይዘሽ ግቢ። «ከአሜሪካ ወጥቼ ሠርቼ፣ ለመጨረሻው ዓመት እመለሳለሁ» የሚል ሰው ታሪኩ ግልጽ ነው። ስለ ሜይው የኦንላይን ሥራ ቢጠይቁሽ ደግሞ መልሱ «አልሠራሁም» መሆን አለበት፤ እውነት ሆኖ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ወጥቼ ስመለስ ቪዛዬ ደህና ነበር፤ አይ-20ዬም አላለቀም ነበር። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መኮንኑ አይ-20ውን ገልብጦ ሁለተኛው ገጽ ታች ላይ ጣቱን አሳረፈ። የጉዞ ፊርማ የሚባለው መስመር ባዶ ነበር። ያቺን ፊርማ የሚፈርመው የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ነው፤ ለተማሪ የምታገለግለው አንድ ዓመት ነው። እኔ ከመውጣቴ በፊት ቢሮው ሄጄ «ፊርማ አለህ» ተብዬ ነበር፤ ያዩት ግን የቀድሞውን አይ-20 ነው፣ አዲሱ ላይ ማንም አልፈረመም። ሁለት ሰዓት ሌላ ክፍል አስቀመጡኝ። በመጨረሻ በ30 ቀን ውስጥ የጎደለውን አሟላ የሚል አይ-515ኤ የተባለ ወረቀት ሰጥተው አስገቡኝ። ማስገባት ግዴታቸው አልነበረም። አንቺ ገጹን ራስሽ ገልብጠሽ እይው። ፊርማውና ቀኑ አሁን በያዝሽው አይ-20 ላይ መሆኑን አረጋግጪ።

ጓደኞችሽ «ካናዳ ሄዶ መመለስ ይቻላል፣ ቪዛ አያስፈልግም» ብለውሽ ይሆናል። እውነት አለው። ያለቀ ቪዛ የያዘ የኤፍ-1 ተማሪ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ወይም በአቅራቢያ ያሉ ደሴቶች ደርሶ በ30 ቀን ውስጥ ሊመለስ የሚችልበት ደንብ አለ። ኩባ አትካተትም። ጀርመን ላይ ግን አይሠራም፤ በካናዳ በኩል ዞረሽ ብትመጪም አይሠራም፤ ከ30 ቀን በላይ ወጥተሻልና። ካናዳ ሳለሽ አዲስ ቪዛ ካመለከትሽም መብቱ ይቀራል። የ10 ሳምንት ልምምድ በዚህ መንገድ አይታሰብም።

የአውሮፕላን ትኬትም አንድ ወጥመድ አለው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አየር ማረፊያ ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። ያላለቀ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ያንቺ አልቋል። ስለዚህ በሜይ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ቀጥታ በሚበር ወይም ከአውሮፓ ውጭ በሚያርፍ አውሮፕላን ሂጂ። የሸንገን ቪዛሽ ከጁን አካባቢ የሚጀምር ከሆነ በሜይ አያገለግልሽም። ርካሽ ትኬት በፍራንክፈርት በኩል አግኝታ ቼክ-ኢን ላይ የተመለሰች ተማሪ አውቃለሁ።

ልሂድ ወይስ ይቅር ላልሽው፣ እኔ የማመዛዝነው እንዲህ ነው። የቀረሽ አንድ ዓመት ነው። መውጣት ማለት ያንን ዓመት በአንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ማስያዝ ነው። ትራንስክሪፕትሽ ንጹሕ ከሆነ፣ ክፍያሽ ከታወቀ፣ የሜይ ቀጠሮ ካገኘሽና ኩባንያው 10 ሳምንት ከተቀበለ እኔ እሄድ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ በተለይ ቀጠሮው፣ እዚያው አሜሪካ ውስጥ በሲፒቲ የሚሠራ ልምምድ እፈልግ ነበር። አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከጨረስሽ ቆይተሻል፤ ለሲፒቲ ብቁ ነሽ፤ ከበሩም አትወጪም። ወላጆችሽን ካየሽ ሦስት ዓመት ሆኖሽ፣ አዲስ አበባ መግባቱ ራሱ አጓጉቶሽ ከሆነ፣ ያንንም ከሒሳቡ አታውጪው።

ከሄድሽ ደግሞ አንድ ነገር ሊከተል ይችላል። ጥሩ ሠራተኛ ከሆንሽ ኦገስት ላይ «እስከ ዲሴምበር ቆዪልን» ይሉሻል። በደስታ እሺ እንዳትይ። በመጀመሪያ 90 ቀኑ ያልቃል፤ አጭር ቪዛ ላይ ሆነሽ ዝም ብለሽ አትቀጥዪም፤ ለረጅሙ ደግሞ ሌላ ቪዛ ነው። በአሜሪካ በኩል፣ የክረምቱ እረፍት ሲያልቅ ካልተመዘገብሽ ሴቪስሽ ይዘጋል። ከአምስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ ሆነሽ ከትምህርት ከራቅሽ የኤፍ-1 ስታተስሽ ራሱ ያበቃል። ከሜይ 11 ጀምሮ ስትቆጥሪው አምስት ወሩ ኦክቶበር 11 ላይ ይሞላል። ከዚያ በኋላ መመለስ ማለት አዲስ አይ-20፣ አዲስ የ350 ዶላር የሴቪስ ክፍያ፣ አዲስ ቪዛ ነው። ለሲፒቲና ለኦፒቲ የሚያበቃው አንድ የትምህርት ዓመትም ከዜሮ ይጀምራል። ለአንቺ ደግሞ የቀረሽ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ ኦፒቲውን ራሱ አደጋ ላይ ይጥለዋል።

መውጫ ቀዳዳው አንድ ነው፦ ዩኒቨርሲቲሽ ያንን ሴሚስተር እንደ ውጭ አገር ትምህርት ወይም ኮ-ኦፕ እንደሚባለው የሥራ ልምምድ ክሬዲት አድርጎ ሙሉ ሰዓት ካስመዘገበሽ ሴቪስሽ አክቲቭ ሆኖ ይቆያል። ይህ የሚጠየቀው ኦገስት ላይ ከጀርመን በሚላክ ኢሜይል አይደለም። ከመውጣትሽ በፊት፣ ያቺን የጉዞ ፊርማ ልታስፈርሚ ቢሮ ስትሄጂ፣ አማካሪሽን «እስከ ዲሴምበር ቢያራዝሙኝ የኛ ክፍል ክሬዲት ይሰጠዋል?» ብለሽ ጠይቂያት። መልሷ «አይ» ከሆነ፣ ለጀርመኖቹ የምትሰጪው መልስ ገና ሳትሄጂ ታወቀ ማለት ነው።